አስም "በማይነሣበት" ጊዜ የት ነው ያለው? ሲር ሲር የሚለው ድምፅና የሁለቱ ኢንሄለሮች ልዩነት

"አስሜ ተነሣብኝ" የሚለው አባባል በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በአባባሉ ውስጥ ሕመሙ ተኝቶ የቆየ ነገር ይመስላል። ብርድ ወይም ጭስ ሲቀሰቅሰው ድንገት ይነሣል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይጨነቃል፣ ከደረት ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። መድኃኒት ሲወሰድ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል።

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የትንፋሽ ማጠሩ በእርግጥም ይመጣል፣ ይሄዳል። ይህን የሚያስከትለው የአየር ቧንቧዎች ብግነት ግን በብዙ ታማሚዎች ላይ ምንም ስሜት በማይኖርባቸው ቀናትም አብሯቸው ይውላል፣ አብሯቸው ያድራል። ለአስም ሁለት ዓይነት መድኃኒት የሚታዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ የተነሣውን ያስታግሳል፣ ሌላው ተኝቷል የተባለውን ያክማል። አንዱን በሌላው መተካት እስከ ሞት ሊያደርስ የሚችል ስህተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እአአ በ2019 በዓለም ዙሪያ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው። በዚያው ዓመት 455 ሺህ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። አብዛኞቹ ሞቶች የሚያጋጥሙት ምርመራና ሕክምና በበቂ ሁኔታ በማይገኝባቸው ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው።

በአንድ ቧንቧ ውስጥ የሚገናኙ ሦስት ነገሮች

የምንተነፍሰው አየር በጉሮሮ በኩል አልፎ ወደ ዋናው የአየር ቧንቧ ይገባል። ይህ ቧንቧ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሳንባ ይከፈላል፤ ከዚያም እንደ ተገለበጠ ዛፍ ቅርንጫፉን እየበዛና እየቀጠነ ሄዶ ኦክስጅን ወደ ደም በሚገባባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ላይ ያበቃል። የአስም ታሪክ የሚፈጸመው በከረጢቶቹ ውስጥ ሳይሆን ወደ እነርሱ በሚወስዱት ቅርንጫፎች ውስጥ ነው።

የእነዚህ ቅርንጫፎች ግድግዳ ከውስጥ በስስ ሽፋን የተለበጠ ሲሆን፣ ሽፋኑ አቧራና ጀርም የሚይዝ ጥቂት አክታ ያመነጫል። ከሽፋኑ ውጭ ደግሞ ቧንቧውን እንደ ቀለበት የከበበ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ እንደ ክንድና እንደ እግር ጡንቻ በሰው ፈቃድ አይታዘዝም።

አስም ባለበት ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ብዙ ሰዎችን በማይጎዱ ነገሮች ይቆጣሉ። የቤት አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ የእንስሳት ጸጉር፣ የበረሮ ቆሻሻ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በሱዳን ከአባይ ውሃ የሚፈለፈሉና የአካባቢው ሰዎች "ኒሚቲ" የሚሏቸው፣ የማይናከሱ ጥቃቅን በራሪ ነፍሳት ለብዙዎች አስም መንስኤ መሆናቸው በጥናት ተረጋግጧል። ሰዎቹን የሚጎዳቸው ንክሻ ሳይሆን ከሞቱት ነፍሳት የሚነሣው ብናኝ ነው።

የመከላከያ ሕዋሳቱ ሲቆጡ የቧንቧው ግድግዳ ያብጣል፤ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንን ነው። አክታውም በዝቶና ወፍሮ የቧንቧውን መተላለፊያ ያጣብባል። የሦስተኛው ለውጥ ባለቤት ጡንቻው ነው። በብግነት ውስጥ የቆየ ጡንቻ በቀላሉ የሚደነግጥ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ሁለቴ ስሎ የሚያልፈው የከሰል ጭስ፣ የሚታመስ በርበሬ ሽታ፣ የንጋት ብርድ ወይም ተራ ጉንፋን ጡንቻውን ጭምድድ ያደርገዋል።

ሦስቱ ሲገናኙ የሚፈጠረው ጥበት ከሚገመተው በላይ ነው። የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ ግድግዳው ዙሪያውን በ1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ ክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ስፋቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። አየር እየተረጋጋ በሚፈስበት ቧንቧ ውስጥ ግን ለፍሰቱ የሚያጋጥመው እንቅፋት የሚጨምረው በእጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ነው። በጤነኛ ቧንቧ ላይ ብዙም የማይታወቅ የጡንቻ መኮማተር ባበጠው ቧንቧ ላይ መንገዱን ሊዘጋው የሚደርሰውም ለዚህ ነው። ጡንቻውን ብቻ ዘና ማድረግ የችግሩን ጥቂት ክፍል ብቻ መንካት እንደሆነም ከዚህ ስሌት ይታያል።

ሲር ሲር የሚለው ድምፅ

አየር በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ ለማለፍ ሲገደድ ፍጥነቱ ይጨምራል። በፍጥነት የሚያልፈው አየር ሊገጣጠሙ የተቃረቡትን የቧንቧ ግድግዳዎች ያርገበግባቸዋል፤ የሚሰማውም የዚህ መርገብገብ ድምፅ ነው። የተነፋ ፊኛ አፉ ግራና ቀኝ ተወጥሮ አየሩ ሲለቀቅ የሚያሰማው ጩኸት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ድምፁ በአብዛኛው የሚሰማው አየር ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይደለም። አየር ስንስብ ደረት ይሰፋል፤ ሳንባም አብሮ ሲለጠጥ ቧንቧዎቹን ወደ ውጭ ይስባቸዋልና ጥቂት ይከፈታሉ። ስንተነፍስ ደግሞ ደረት ይጨመቃል፣ ቧንቧዎቹም አብረው ይጠባሉ። አስቀድሞ ያበጠው ቧንቧ የሚያፏጨው በዚህኛው ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። አስም የተነሣበት ሰው "አየር አልገባ አለኝ" ይላል። ዋናው ችግር ግን አስቀድሞ የገባው አየር አለመውጣቱ ነው። ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጥቂት እየቀረ ሲከማች ሳንባው እንደ ሞላ ከረጢት ይወጠራል፣ ለአዲስ አየርም ቦታ ያጣል። በአስም የተያዘ ሰው ትከሻውን ከፍ አድርጎ፣ እጁን ጠረጴዛ ላይ ተክሎ የሚተነፍሰው ይህን የተወጠረ ደረት ለማንቀሳቀስ ነው።

ድምፁን የሕመሙ መለኪያ አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው። ለማፏጨት የሚንቀሳቀስ አየር ያስፈልጋል። ጥበቱ እጅግ ሲበረታ የሚያልፈው አየር ስለሚያንስ ደረቱ ጸጥ ይላል። በጣም ሲያፏጭ የነበረ ሰው ትንፋሹ ሳይሻሻል፣ መናገር እያቃተው፣ ድምፁ ግን ቢጠፋ ቤተሰቡ "ተሻለው" ብሎ እፎይ ሊል ይችላል። ለሐኪም ግን ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ምልክት ነው።

በሌላ በኩል የሚያፏጭ ደረት ሁሉ አስም የለበትም። የልብ ድካም፣ በማጨስ ወይም ለረጅም ዘመን በማገዶ ጭስ የመጣ የሳንባ ሕመም፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ ወደ አየር ቧንቧ የገባ ኦቾሎኒ ወይም የበቆሎ ፍሬ ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማሉ። ጨርሶ የማያፏጭ፣ በሌሊት ደረቅ ሳል ብቻ የሚገለጥ አስምም አለ። አስምን ከሌሎቹ የሚለየው ተለዋዋጭነቱ ነው። ጥበቱ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ይህም በመሣሪያ ሊለካ ይችላል።

የአልማዝ ጠዋት

ሐኪሞች ዘወትር የሚያጋጥሟቸውን ዓይነት አንዲት ታማሚ ለምሳሌ ያህል እንውሰድ፤ ስሟን አልማዝ እንበላት። 32 ዓመቷ ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ከቦርሳዋ የማይጠፋ፣ ብዙዎች "ፓፍ" የሚሉት አንድ ሰማያዊ ኢንሄለር አላት፤ መድኃኒቱ ሳልቡታሞል ነው። ሌሊት ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳል ይቀሰቅሳታል፤ ሁለት ጊዜ ረጭታ ትተኛለች። ማለዳ ምድጃ ስታቀጣጥል ደግማ ትረጫለች። ከሰዓት በኋላ ደረጃ ከወጣች እንደገና ትጠቀማለች። መድኃኒቱ እንደሚሠራላት ስለምታውቅ ሕመሟን የተቆጣጠረችው ይመስላታል።

ኢንሄለሩ 200 ርጭት ይይዛል። እርሷ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ ትገዛለች፤ ይህም በቀን ከ9 እስከ 10 ርጭት፣ በዓመት ደግሞ 17 ያህል ኢንሄለር ማለት ነው።

ሐኪሟ ፒክ ፍሎው ሜትር የተባለ፣ በኃይል ሲተነፍሱበት አየሩ በደቂቃ በምን ያህል ሊትር ፍጥነት እንደሚወጣ የሚያሳይ ቀላል የፕላስቲክ መሣሪያ ሰጥቶ በየጠዋቱ እንድትለካ ነገራት እንበል። በመጀመሪያው ጠዋት 260 ሆነ። ሳልቡታሞል ወስዳ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስትለካ 360 ደረሰ፤ ለእርሷ ቁመትና ዕድሜ ከሚጠበቀው ብዙም የራቀ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ስትለካ ግን 270 ሆኖ አገኘችው። በሦስተኛው ቀን 255 ሆነ። መድኃኒቱ በየዕለቱ ወደ ላይ ያወጣታል፣ ሌሊቱ ደግሞ መልሶ ያወርዳታል። የሚቀር ለውጥ የለም።

ሰማያዊው የሚያደርገውና የማያደርገው

ሳልቡታሞል አስታጋሽ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በቧንቧው ጡንቻ ላይ ያሉና አድሬናሊን የተባለው የሰውነት ኬሚካል የሚያዝዛቸውን ተቀባዮች ያነቃል፤ ጡንቻው "ዘና በል" የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ሥራውን የሚጀምረው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሆን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እጅ የሚያንቀጠቅጠውና ልብ የሚያስመታው ተመሳሳይ ተቀባዮች በሌላ የሰውነት ክፍልም ስላሉ ነው።

ከሦስቱ ለውጦች ይህ መድኃኒት የሚነካው አንዱን፣ ጡንቻውን ብቻ ነው። ያበጠው ግድግዳ እንዳበጠ ይቆያል፣ አክታውም አይቀንስም። አስታጋሹ የሥራ ጊዜው ሲያበቃ ጡንቻው ወደ ነበረበት ቁጣ ይመለሳል። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ ብቻውን በየዕለቱ ሲወሰድ ተቀባዮቹ ይለምዱትና ምላሻቸው ይቀንሳል፤ ቧንቧውም ለቀስቃሽ ነገሮች ይበልጥ ስሜታዊ ይሆናል። ሁለት ርጭት ይበቃት የነበረች ሴት አራት የምትፈልገው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

በብሪታኒያ በአስም የሞቱ ሰዎችን የሕክምና መዝገብ የመረመረና እአአ በ2014 የወጣ ሪፖርት ይህን በቁጥር አሳይቷል። የአስታጋሽ ትእዛዛቸው ከተመዘገበ 165 ሟቾች መካከል 65ቱ ከመሞታቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ከ12 በላይ አስታጋሽ ኢንሄለር ታዝዞላቸው ነበር። ስድስቱ ደግሞ ከ50 በላይ። አስታጋሹ ገደላቸው ማለት አይደለም። ይህን ያህል አስታጋሽ መፈለጋቸው ብግነቱ ሳይታከም መቆየቱን ይመሰክር ነበር፤ መስካሪውን ያደመጠ ግን አልነበረም። ዓለም አቀፉ የአስም ኢኒሼቲቭ (ጂና) በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ኢንሄለር መጨረስ ለከባድ ጥቃት፣ በወር አንድ መጨረስ ደግሞ ለሞት ያለውን ስጋት ከፍ እንደሚያደርግ ያስጠነቅቃል። በዚህ መለኪያ የአልማዝ 17 ኢንሄለር ከአደጋው መስመር በእጅጉ ያለፈ ነው።

ምንም የማይሰማው መድኃኒት

ተቆጣጣሪ የሚባሉት መድኃኒቶች ዋነኞቹ በአፍ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ናቸው። ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ በአካባቢው ከሚታወቁት መካከል ይገኛሉ። እነዚህ ወደ ሕዋሳቱ ገብተው ብግነቱን የሚያቀጣጥሉ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ ያደርጋሉ። እብጠቱ እየቀነሰ፣ አክታው እየሳሳ፣ ጡንቻውም ቁጡነቱ እየበረደ ይሄዳል።

ይህ ግን ጊዜ ይወስዳል። ለውጡ መታወቅ የሚጀምረው ከቀናት በኋላ ሲሆን ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ተቆጣጣሪ ስቴሮይዱን ብቻ ቢረጭ በዚያች ሰዓት የሚሰማው ለውጥ አይኖርም። ብዙዎች መድኃኒቱን "አይሠራም" ብለው የሚጥሉትም በዚህ ምክንያት ነው። አንደኛው በአምስት ደቂቃ ውስጥ እፎይታ ይሰጣል፣ ሌላኛው ለሳምንት ያህል ምንም የሚሰማ ነገር አያደርግም። ዋጋቸውም ከተለያየ፣ በችግር ጊዜ የሚገዛው የትኛው እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ነገሩ የሐኪሞችም ታሪክ ነው። ለረጅም ዘመን አስም በዋናነት የጡንቻ መኮማተር ተደርጎ ይታከም ነበር። በብሪታኒያ አለን ኤንድ ሃንበሪስ በተባለው ኩባንያ በዴቪድ ጃክ የሚመራው ቡድን ሳልቡታሞልን እአአ በ1969፣ የሚሳበውን ቤክሎሜታዞን ደግሞ በ1972 ለገበያ አቅርቧል። ሁለቱ መድኃኒቶች ከአንድ ቤት የወጡ ሲሆኑ የዕድሜ ልዩነታቸው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሆኖም ቀላል አስም ካለባቸው ሰዎች ቧንቧ የተወሰዱ ናሙናዎች ብግነቱን በግልጽ ያሳዩት በ1980ዎቹ ነበር። ስቴሮይዱ የሕክምናው መሠረት እየሆነ የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው።

"ስቴሮይድ" የሚለው ቃል ያስፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም አይባልም። ለረጅም ጊዜ በእንክብል ወይም በመርፌ የሚወሰድ ስቴሮይድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና የደም ግፊት ያስከትላል፣ ፊት ያሳብጣል። ከአልማዝ ጋር ስናነጻጽረው መጠኑ ይለያል። ሐኪሟ ያዘዘላት ቤክሎሜታዞን እያንዳንዱ ርጭት 100 ማይክሮግራም ሆኖ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም ማለት ነው። በከባድ ጥቃት ጊዜ ለአዋቂ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን እንክብል 40 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 40 ሺህ ማይክሮግራም ነው። መድኃኒቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ንጽጽሩ የክብደት ብቻ ነው፤ ነገር ግን የመቶ እጥፍ ልዩነት አለ። የሚሳበው በቀጥታ ወደ ቧንቧው ስለሚሄድ ጥቂቱ ይበቃዋል። በየጊዜው ጥቃት ሲደርስባት ድንገተኛ ክፍል ሄዳ የስቴሮይድ መርፌ የምትወጋ ሴት ኢንሄለሩን ከፈራችው ስቴሮይድ ይበልጥ እየወሰደች ሊሆን ይችላል።

የሚሳበው ስቴሮይድ የሚያስከትለው የተለመደ ጉዳት በአፍ ውስጥ ነው። ምላስና ጉሮሮ ላይ ነጭ የፈንገስ ሽፋን ሊወጣ፣ ድምፅም ሊጎረንን ይችላል። ከወሰዱ በኋላ በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የቀለም ጉዳይም ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። አስታጋሹ ሰማያዊ፣ ተቆጣጣሪው ቡናማ ወይም ብርቱካናማ መሆኑ የተለመደ ነው። ሆኖም ቀለሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። መነበብ ያለበት በጎኑ ላይ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው።

ሁለቱን በአንድ

ጂና እአአ በ2019 ለአሥርት ዓመታት የቆየ ምክሩን ቀየረ። ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም ከእንግዲህ አይመከርም አለ፤ አስሙ ቀላል ቢሆንም እንኳ። ምክንያቱ ቀላል የተባለ አስም ያለባቸው ሰዎችም ከባድ ጥቃት ሊደርስባቸው፣ ሊሞቱም መቻላቸው ነው።

አሁን የሚመረጠው ስቴሮይድንና ፎርሞቴሮል የተባለውን መድኃኒት በአንድ ኢንሄለር መያዝ ነው። ፎርሞቴሮል ጡንቻውን እንደ ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ውስጥ ያፍታታል፣ የሚቆየው ግን ወደ 12 ሰዓት ነው። ሰውዬው ትንፋሽ ባጠረው ቁጥር ለእፎይታ ሲረጭ ሳያስበው ብግነቱንም ያክማል። ከቡዴሶናይድ ጋር የተጣመረው ዓይነት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሳልሜቴሮልን የያዙት ጥምሮች ግን ሥራ የሚጀምሩት ቀስ ብለው ስለሆነ በአስታጋሽነት አያገለግሉም።

በአካባቢው ባሉ ብዙ ፋርማሲዎች ይህ ጥምር ውድ ነው ወይም አይገኝም። በዚህ ጊዜ የሚመከረው አማራጭ ሳልቡታሞል በተረጨ ቁጥር ስቴሮይዱንም አስከትሎ መውሰድ፣ ወይም እንደ አልማዝ ሕመሙ ዘወትር የሚታይ ከሆነ ስቴሮይዱን በየቀኑ መውሰድ ነው። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው።

መድኃኒቱ ሳንባ ሳይደርስ ሲቀር

አልማዝ ቤክሎሜታዞኑን ጀምራ ከሁለት ሳምንት በኋላ የጠዋት ልኬቷ 275 ነው እንበል። የተለወጠ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ሐኪሟ መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ፊቱ እንድትረጭ ጠየቃት። ኢንሄለሩን ሳትነቀንቅ ወደ አፏ አስገባች፣ ተጫነችው፣ ከዚያ በኋላ አየር ሳበች። ከአፏ ጥግ እንደ ጉም ያለ ነገር ሲወጣ ታየ። መድኃኒቱ ያረፈው ምላሷና ጉሮሮዋ ላይ ነው።

ትክክለኛው አወሳሰድ እንዲህ ነው። ኢንሄለሩን በደንብ ነቅንቆ አስቀድሞ አየር ማስወጣት፤ አፉን በከንፈር ገጥሞ ቀስ ብሎ አየር መሳብ ሲጀመር በዚያው ቅጽበት መጫን፤ መሳቡን እስከ መጨረሻው መቀጠል፤ ከዚያም ትንፋሽን እስከ 10 ሰከንድ ያህል መያዝ። ለሁለተኛው ርጭት ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መድገም ነው።

መጫንንና መሳብን ማገጣጠም ለልጆችና ለብዙ አዋቂዎችም ይከብዳል። ለዚህ በኢንሄለሩና በአፍ መካከል የሚገባ፣ ስፔሰር የሚባል ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ርጭቱ በዕቃው ውስጥ ሲቆይ ሰውዬው በራሱ ጊዜ ይስበዋል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የተካሄደና እአአ በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አስም የተነሣባቸውን ልጆች ለማከም ከተራ የ500 ሚሊ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር ከፋብሪካው ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ አግኝቶታል። የጠርሙሱ ቂጥ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ይበሳል፤ ኢንሄለሩ ገብቶ ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ ይታሸጋል፤ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይሳባል። አልማዝም ከዚያ ዕለት ጀምሮ የምትጠቀመው በዚህ ነው።

ከስምንት ሳምንት በኋላ የጠዋት ልኬቷ 385 ደረሰ። ሳልቡታሞል ስትወስድ ወደ 400 ብቻ ይወጣል። በማለዳውና በመድኃኒቱ መካከል የነበረው የ100 ልዩነት ወደ 15 ወርዷል። አስታጋሹ የሚያክመው ነገር አጣ ማለት ነው። ሌሊት አትነቃም። ምድጃውን አሁንም በማገዶ ታቀጣጥላለች፤ ጭሱ አልቀነሰም። የተለወጠው ለጭሱ የምትሰጠው ምላሽ ነው።

ብዙ ሰዎች መድኃኒቱን የሚያቆሙት በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ "ድኛለሁ" ብለው። ብግነቱ በሳምንታት ውስጥ ሊመለስ ስለሚችል መጠኑ የሚቀነሰው ሕመሙ ለሁለትና ሦስት ወራት ጸጥ ካለ በኋላ በሐኪም ክትትል ደረጃ በደረጃ ነው።

ቤት መቆየት የማይቻልበት ጊዜ

አንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከሰማየረ፣ ከደከመውና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ደረቱ ጸጥ ካለ፣ ወይም አስታጋሹ ሦስትና አራት ሰዓት እንኳ ካልቆየለት ወደ ሕክምና ተቋም መወሰድ አለበት። ወደዚያ እስኪደረስ ሰውዬውን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥና ሳልቡታሞልን በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ርጭት፣ አንድ በአንድ፣ በየ20 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት መስጠት በዓለም አቀፉ መመሪያ ላይ የሰፈረ ነው። ማስተኛት ትንፋሹን ያብሰዋል። በሕክምና ተቋሙ ኦክስጅንና በእንክብል የሚሰጥ ስቴሮይድ ይጨመራል። በዚህ ሰዓት ሰማያዊው ኢንሄለር ሕይወት አዳኝ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ መኖሩም አስፈላጊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተራ የሚመስል ችግር ይነሣል። ብዙዎቹ ኢንሄለሮች የቀረውን ርጭት የሚያሳይ ቆጣሪ የላቸውም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ጋዝ ጥቂት ጊዜ ይረጫል፤ ቢነቀነቅም የሆነ ነገር ያለበት ይመስላል። ውሃ ላይ ጥሎ መንሳፈፉን ማየትም አስተማማኝ አይደለም። አስተማማኙ መንገድ መቁጠር ነው። አልማዝ በቀን አራት ርጭት የምትወስደው ባለ 200 ርጭት ቤክሎሜታዞን በ50 ቀን ያልቃል፤ ስለዚህ የጀመረችበትንና የሚያልቅበትን ቀን በካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋዋለች። በሰማያዊው ካርቶን ላይም የገዛችበትን ቀን ጻፈች። አስቀድሞ በሦስት ሳምንት ያልቅ የነበረው ያ ኢንሄለር በአራተኛው ወር ገና አልተጋመሰም።